ኦገስት 17 ለምን ትክክል መሰለ? የአመክንዮ እንቆቅልሽ ሲፈታ ማረጋገጥ የማጣራትን ቦታ ሲይዝ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ከአንድ የሲንጋፖር የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር የወጣ ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን አዳረሰ። የተዘጋጀው ዕድሜያቸው 14 እና 15 ለሆነ ተማሪዎች ቢሆንም አዋቂዎችን ለቀናት አከራከረ። ትክክለኛው መልስ ጁላይ 16 ነው፤ በርካታ ሰዎች ግን ኦገስት 17 ነው ብለው ጸኑ። ይህ የተሳሳተ መልስ ከትክክለኛው ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል፤ በእንቆቅልሽ አፈታት ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተሰባስበው ይገኛሉና።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሸሪል ልደቷ ከአሥር ቀናት አንዱ መሆኑን ለአልበርትና ለበርናርድ ትነግራቸዋለች፦ ሜይ 15፣ 16 ወይም 19፤ ጁን 17 ወይም 18፤ ጁላይ 14 ወይም 16፤ ኦገስት 14፣ 15 ወይም 17። ከዚያም ለአልበርት ወሩን ብቻ፣ ለበርናርድ ቀኑን ብቻ ለየብቻ ትነግራቸዋለች። አልበርት በመጀመሪያ “እኔ አላውቀውም፤ በርናርድም እንደማያውቀው ግን አውቃለሁ” ይላል። በርናርድ “መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር፤ አሁን ግን አወቅሁት” ሲል ይመልሳል። አልበርትም “እንግዲያው እኔም አወቅሁት” ይላል።

ኦገስት 17 ላይ የሚደርሱት ሰዎች የሚነሡት ትክክል ከሆነ ነጥብ ነው። 18 እና 19 እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ፣ ከሁለቱ አንዱን የሰማ በርናርድ ልደቱን ወዲያው ባወቀ ነበር። በርናርድ ካላወቀ ጁን 18 እና ሜይ 19 ይወጣሉ። ጁን 18 ከወጣ ደግሞ በጁን የሚቀረው 17 ብቻ ነው፤ አልበርት ወሩ ጁን መሆኑን ቢሰማ ኖሮ ልደቱን ባወቀ ነበር፤ አላወቀምና ጁን 17ም ይወጣል። አሁን ከቀሩት ቀናት መካከል አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘው 17 ነው፤ ስለዚህ በርናርድ “አወቅሁት” ያለው ኦገስት 17ን ነው። ድምዳሜው በሦስቱም ንግግሮች ላይ ሲመዘን የሚስማማ ይመስላል።

ስሕተቱ ያለው ፍንጩ ከተነበበበት መንገድ ላይ ነው። አልበርት የተናገረው በርናርድ አለማወቁን ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ ይህንን እንደሚያውቅ ነው። በእጁ ያለው መረጃ ግን ወሩ ብቻ ነው፤ ሌላ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ የእርግጠኝነቱ ምንጭ ወሩ ራሱ መሆን አለበት። ወሩ ሜይ ቢሆን በርናርድ 19ን ሰምቶ ሊሆን ስለሚችል አልበርት እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ጁንም በ18 ምክንያት እንዲሁ ነው። በመሆኑም የሚወጡት ሁለት ቀናት ሳይሆኑ ሁለቱ ወራት እንዳሉ ናቸው። ስውር ፍንጭ የሚባለው ይህ ነው፤ በተነገረው ነገር ላይ ሳይሆን ተናጋሪው ያንን ለመናገር ሊያሟላው በሚገባው ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። እርግጥ ነው፣ አልበርት በርናርድ አለማወቁን አስቀድሞ ከሌላ ሰው ሰምቷል ብንል ኦገስት 17 ያስኬዳል፤ ጥያቄው ውስጥ ግን ይህ የለም።

ሁለቱን መንገዶች ለማነጻጸር እያንዳንዱ ንግግር ስንት ቀናት እንዳስወጣ መመዝገብ በቂ ነው። በትክክለኛው መንገድ የአልበርት የመጀመሪያ ንግግር አምስት ቀናት ያስወጣል፤ ጁላይ 14፣ ጁላይ 16 እና የኦገስት ሦስቱ ይቀራሉ። በርናርድ “አወቅሁት” በማለቱ በሁለቱም ወራት ያለው 14 ይወጣል። የአልበርት የመጨረሻ ንግግር የኦገስት 15 እና 17ን ያስወጣል። በተሳሳተው መንገድ ግን የመጀመሪያው ንግግር ሦስት፣ የበርናርድ ንግግር ስድስት ቀናት ካስወጡ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ስለሚቀር ሦስተኛው ንግግር ሥራ ያጣል። አንድ ሙሉ ፍንጭ ምንም ሳያስወጣ ሲቀር ቀደም ያለ ፍንጭ ተዛብቶ ተነቧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በትክክለኛው መንገድም ቢሆን “እኔ አላውቀውም” የሚለው ሐረግ ሥራ የለውም፤ በየወሩ ቢያንስ ሁለት ቀናት አሉና።

ታዲያ ሰው ሦስተኛው ፍንጭ ሥራ ማጣቱን ለምን አያስተውልም? ብዙውን ጊዜ መልሱ ቀድሞ በእጁ ስለገባ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው “ይህ መልስ ከፍንጩ ጋር ይስማማል ወይ?” የሚል ነው፤ “ከፍንጩ ጋር የሚስማማ ሌላ መልስ አለ ወይ?” የሚለው አይነሣም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ይህን ዝንባሌ በቀላል ዘዴ አሳይቷል። ለተሳታፊዎቹ 2፣ 4፣ 6 አንድን ሕግ እንደሚያሟሉ ነገራቸው፤ እነርሱም ሦስት ሦስት ቁጥር እያቀረቡና “ያሟላል” ወይም “አያሟላም” የሚል መልስ እየተቀበሉ ሕጉን እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ሕጉ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ እስከሄዱ ድረስ ማንኛውንም የሚቀበል ነበር። “በሁለት ይጨምራል” ብሎ የገመተ ሰው 8፣ 10፣ 12 ሲያቀርብ “ያሟላል” ይባላል፤ 20፣ 22፣ 24 ሲልም እንዲሁ። መልሱ በተደጋገመ ቁጥር እርግጠኝነቱ ይጨምራል፤ ሆኖም የተጣለ መላምት የለም። 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቢሞክር ግምቱ ወዲያው ይፈርስ ነበር። ከ29 ተሳታፊዎች የተሳሳተ ሕግ ሳይናገሩ ትክክለኛው ላይ የደረሱት 6 ብቻ ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጆሹዋ ክሌይማንና ያንግ-ዎን ሃ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት እርማት ሊዘለል አይገባም። ከግምት ጋር በሚስማማ ምሳሌ መሞከር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። እውነተኛው ሕግ “በሁለት ይጨምራል” ቢሆንና ፈቺው “እየጨመሩ የሚሄዱ ሙሉ ቁጥሮች” ብሎ ቢገምት፣ ከግምቱ ጋር የሚስማማው 2፣ 8፣ 10 “አያሟላም” ስለሚባል ግምቱን ያፈርሰዋል። አደጋው ያለው ግምቱ ከእውነተኛው ሕግ ሲጠብብ ነው፤ ያኔ የሚስማሙ ምሳሌዎች በሙሉ “ያሟላል” ይባላሉ። ኦገስት 17ም የተመዘነው በዚህ መንገድ ነበር።

መገመት በራሱ ክልክል አይደለም፤ ለማፍረስ ከተገመተ ጠቃሚ ነው። ልደቱ ኦገስት 17 ነው እንበልና በሁለቱ ሰዎች ቦታ እየገባን እንሞክረው። አልበርት የሰማው ኦገስትን ነው፤ 14፣ 15 እና 17 በሌሎች ወራትም ስለሚገኙ በርናርድ እንደማያውቅ እርግጠኛ ሊሆን ይችላል። በርናርድ 17ን ይዟል፤ ሜይና ጁን ስለወጡ የሚቀረው ኦገስት ብቻ ነው፤ “አወቅሁት” ማለት ይችላል። እስከዚህ ግምቱ አልፈረሰም፤ ብዙ ሰውም የሚቆመው እዚህ ነው። ወደ አልበርት ስንመለስ ግን በርናርድ 15ን ይዞም ቢሆን “አወቅሁት” ይል ነበር። አልበርት 15ን ከ17 የሚለይበት ምንም ነገር ስለሌለው “እኔም አወቅሁት” ሊል አይችልም፤ ግምቱ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ወሩ ጁላይ ከሆነ ግን 14 በበርናርድ ንግግር ስለወጣ አልበርት ፊት የሚቀረው 16 ብቻ ነው።