የስልክ ቻርጅ ቀዳዳን ያለ ጉዳት ማጽዳት፦ በምን ይጸዳል? ምንስ መግባት የለበትም?

ስልክዎ ቻርጅ የሚያደርገው ገመዱን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉት ብቻ ነው? ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት ባትሪው እንደነበረ ያገኙታል? በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ በቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ የኪስ ብናኝ ነው። ብናኙን ቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል። ሆኖም በመርፌ የተጎረጎረ ስልክ ጨርሶ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ከመጀመራችን በፊት ምን እንደምንነካ እንወቅ።

ችግሩ ከቀዳዳው መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

በመጀመሪያ ሌላ ገመድና ሌላ ቻርጀር ይሞክሩ። በእነሱ በደንብ ከሠራ ቀዳዳው ደህና ነው፤ የተበላሸው የራስዎ ገመድ ወይም ቻርጀር ነው።

ለውጥ ከሌለ ገመዱን ይሰኩና ጎኑን ይመልከቱ። ጤነኛ ቀዳዳ ገመዱን እስከ መጨረሻው ይቀበላል፤ ሲገባም ቀጭ የሚል ስሜት ይሰጣል። የብረቱ ጫፍ በከፊል ውጭ ከቀረ፣ ወይም ገመዱ በትንሽ ንክኪ ከወለቀ፣ ከታች የተጠቀጠቀ ነገር አለ ማለት ነው። ስልክ በኪስና በቦርሳ ሲውል የጨርቅ ክርና አቧራ ይገባበታል። ገመዱን በሰካን ቁጥር ብናኙን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን፤ ከወራት በኋላ እንደ ባና ጥቅጥቅ ይላል።

በመጨረሻ በሌላ ስልክ መብራት ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። ግራጫ ወይም ጥቁር ብናኝ ካዩ ሊጸዳ ይችላል። አረንጓዴ ዝገት፣ የተቃጠለ ጥቁር ነጥብ ወይም የተጣመመ ብረት ካዩ ግን አይንኩት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ዛሬ አብዛኞቹ ስልኮች ዩኤስቢ-ሲ የሚባለው ሞላላ ቀዳዳ አላቸው። አይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ፣ ከአይፎን 15 አንሥቶ፣ ወደዚሁ ዞሯል። በዚህ ቀዳዳ መሃል እንደ ምላስ ወጣ ያለች ቀጭን ሳንቃ አለች። ውፍረቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ በላይና በታች ገጿ በድምሩ 24 ጥቃቅን የብረት መስመሮች ተደርድረዋል። ይህች ምላስ ከተሰበረች ቀዳዳው በሙሉ ይቀየራል።

የቀድሞዎቹ አይፎኖች፣ ከአይፎን 5 እስከ አይፎን 14፣ ላይትኒንግ የሚባል ቀዳዳ አላቸው። በእሱ መሃል ምላስ የለም። መስመሮቹ ያሉት በአንደኛው ሰፊ ግድግዳ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በመብራት አይተው በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ይሂዱ።

አጸዳዱ

የሚያስፈልገው የእንጨት ስቴኪኒ፣ ስለታም ቢላዋና መብራት ነው። ስቴኪኒው እንዳለ ከገባ ወፍራም ስለሆነ ምላሷን ይገፋል። ስለዚህ ጫፉን ከሁለት ወገን በቢላዋ ጠርበው ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ውፍረቱ ከባንክ ካርድ ማነስ አለበት። የተሰነጠቀ ወይም ክር ያወጣ ጫፍ ካለው ይጣሉትና ሌላ ይጥረቡ።

1. ስልኩን ከቻርጀር ይንቀሉ፤ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።
2. የሚወጣው ብናኝ እንዲወድቅ ቀዳዳውን ወደ ታች አዘንብለው ይያዙት።
3. ከምላሷ ግራና ቀኝ ካሉት ጠባብ ጎኖች ይጀምሩ፤ በእነዚያ ጎኖች መስመሮች የሉም። ስቴኪኒውን በውጨኛው ግድግዳ አስጠግተው ያስገቡ፤ ታች ሲነካ ያቁሙና ብናኙን ወደ ራስዎ ይሳቡ።
4. ቀጥሎ ከምላሷ በላይና በታች ባለው ክፍተት እንዲሁ ያድርጉ። ሁልጊዜ ግድግዳውን ይከተሉ፤ በምላሷ ላይ ተደግፈው አይፈንቅሉ።
5. በየጥቂቱ ስልኩን በመዳፍዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ፤ በመብራትም ይመልከቱ።
6. የስቴኪኒው ጫፍ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ገመዱን ይሰኩ።

ኃይል የሚጠይቅ ከሆነ ያቁሙ። ለስላሳ ብናኝ በቀላሉ ይወጣል፤ የማይወጣው ነገር የቀዳዳው አካል ሊሆን ይችላል።

ፈጽሞ መግባት የሌለባቸው

*መርፌ፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ፣ የፀጉር ሽቦና የሲም ካርድ ማውጫ።* ሁሉም ብረት ናቸው። ብረት የመስመሮቹን የወርቅ ሽፋን ይፍቃል፤ የተፋቀው ቦታ በኋላ ይዝጋል። ከዚያ የባሰው አንድ መስመር ተጣሞ ጎረቤቱን ሲነካ ነው። ኃይል የሚያመጣው መስመር ከመልእክት መስመር አጠገብ ነው ያለው። ቻርጀሩ ሲሰካ 5 ቮልት፣ በፈጣን ቻርጀር ደግሞ 9 እና ከዚያ በላይ፣ ወዳልተሠራለት መስመር ሊገባ ይችላል። ስልኩ በጽዳቱ ጊዜ ደህና መስሎ፣ ማታ ሲሰካ የሚሞተው ለዚህ ነው።

*የጆሮ ጥጥ።* ለቀዳዳው ወፍራም ነው፤ ብናኙን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ የራሱንም ክር ትቶ ይወጣል።

*ውሃ፣ እርጥብ ሶፍትና የአፍ ትንፋሽ።* እፍ ስንል ምራቅም አብሮ ይገባል። እርጥበትና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ መስመሮቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ።

*የታመቀ አየር።* ከቅርብ ከተነፋ ብናኙን ያጠልቀዋል፤ አጠገቡ ያለውን ማይክሮፎንም ሊጎዳ ይችላል። ቆርቆሮው ዘንበል ካለ ደግሞ በጣም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይረጫል።

ስልኩ በቀዳዳው ውስጥ እርጥበት እንዳለ ካስጠነቀቀ፣ ጽዳቱን ይተዉት። ገመዱን ነቅለው፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው በመዳፍዎ ይምቱትና ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ ያቆዩት። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እስከ አንድ ቀንም ሊወስድ ይችላል። የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ፤ ሩዝ ውስጥም አይክተቱት፤ የሩዙ ብናኝ ተመልሶ እዚያው ይገባል።

አንድ ምሳሌ

አንዲት አድማጫችን ሁለት ዓመት የያዙት ዩኤስቢ-ሲ ስልክ ነበራቸው። ገመዱን በእጅ ካልያዙት ቻርጅ አያደርግም። በጥገና ቤት «ባትሪ ይቀየር» ተባሉ። ከመክፈላቸው በፊት የልጃቸውን ገመድ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ጎኑን ሲያዩ የገመዱ ብረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውጭ ቀርቷል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መግባት ያለበት ብረት ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ በደንብ አልተገናኙም። በተጠረበ ስቴኪኒ ሲሠሩ መጀመሪያ ላላ ያለ ክር፣ ቀጥሎ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ግራጫ ቁራጭ ወጣ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ስልኩም ሳይያዝ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ።

ከጸዳ በኋላም ካልሠራ

ገመዱ እስከ መጨረሻው ገብቶም ከላላ፣ ቀዳዳው አርጅቷል ወይም ከውስጥ ሰሌዳው ለቋል። በደንብ ተይዞ ቻርጅ ካላደረገ ደግሞ ጥፋቱ ከባትሪው ወይም ከውስጥ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ጉርጎራ አይረዳም። ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ «በሌላ ገመድና ቻርጀር ሞክሬያለሁ፣ ቀዳዳውም ንጹሕ ነው» ብለው ይንገሩ፤ ባትሪ ከመቀየሩ በፊትም ቀዳዳውን በማጉያ መነጽር እንዲያዩልዎት ይጠይቁ።