ዶንግል፦ «ተሰኪ ሬዲዮ»

ዶንግል የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ያወቅነው በኢንተርኔት በኩል ነው። ሲም ካርድ የምትጎርስ፣ ፍላሽ የምታክል፣ ላፕቶፑ ጎን ላይ ሰክተን መስመር እስክትይዝ መብራቷን የምንጠብቃት ዕቃ ነበረች። አሁን ያው ቃል ሌላ ቤት ገብቷል። ለፕሌይስቴሽን ወይም ለኤክስቦክስ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የገዛ ሰው ካርቶኑ ውስጥ እሷኑ የምትመስል ትንሽ ዕቃ ያገኛል። ብዙ ሰው «ብሉቱዟ» ይላታል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ስም ነው፤ ብሉቱዝ ናት ብሎ ያመነ ሰው የጓደኞቹ ድምፅ የጠፋ ቀን ችግሩን በማይገኝበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

የአማርኛ ስሟ «ተሰኪ ሬዲዮ» ቢሆን ይሻላል እላለሁ። «ተሰኪ» ብቻዋን አትበቃም፤ ሶፍትዌር ላይ ለሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ቃሏ ቀድማ ተይዛለች። «ተቀባይ» ወይም «አስተላላፊ» ብንላት ደግሞ ግማሽ ሥራዋን ብቻ እንናገራለን፤ የጨዋታውን ድምፅ ወደ ጆሮ ትልካለች፣ የማይኩን ድምፅ ከአፍ ትቀበላለች። ሁለቱንም የሚያደርግ ዕቃ ደግሞ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ስንል ዜና የምንሰማበት ሣጥን ቢታወሰንም የሾፌርና የጥበቃ መገናኛም ሬዲዮ ይባላል፤ እዚህ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ነው።

ይህች ሬዲዮ ግን ብቻዋን አይደለችም። በዚያች ጣት በማታክል ፕላስቲክ ውስጥ የድምፅ ካርድም አለ። ኮንሶሉ የሚያየው ይህን ካርድ ብቻ ነው። ተሰኪዋ ዩኤስቢው ውስጥ ስትገባ «እኔ ባለ ማይክ ባለ ገመድ ማዳመጫ ነኝ» ብላ ራሷን ታስተዋውቃለች፤ ኮንሶሉም ያምናታል። ከእሷ ወዲያ ያለው አየር፣ ድምፁ በምን ሞገድ እንደሚሄድ፣ ማዳመጫው ሳሎን ይሁን መኝታ ቤት፣ ኮንሶሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ማዳመጫው ከኮንሶሉ ጋር ይሠራል አይሠራም የሚለው ጥያቄ ስለ ገመድ አልባነት ሳይሆን ኮንሶሉ ዩኤስቢው ላይ የትኛውን የድምፅ ካርድ ይቀበላል የሚል ጥያቄ ነው።

ብሉቱዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተሰኪ ሬዲዮም ብሉቱዝም አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው ሞገድ ስለሚሠሩ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አንድ መንገድ ላይ መሄድ ግን አንድ ቋንቋ መናገር አይደለም። ብሉቱዝ በውስጡ ፕሮፋይል የሚባሉ ክፍሎች አሉት። እኔ «ድርሻ» እላቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ የሚሠራው የተመደበለትን ሥራ ብቻ ነውና። ኤቱዲፒ የሚባለው የሙዚቃ ድርሻ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ይልካል፤ ነገር ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ማይክ የለውም። ኤችኤፍፒ የሚባለው የስልክ ድርሻ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ያስነጋግራል፤ ጥራቱ ግን የስልክ ጥራት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ ጌም ግን በተለምዶ 48,000 ነው። ልዩነቱን ሁላችንም በጆሯችን እናውቀዋለን። በብሉቱዝ ማዳመጫ ዘፈን እየሰማን ስልክ ስናነሳ ድምፁ በድንገት ይጠብባል፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። ማዳመጫው አልተበላሸም፤ ከሙዚቃ ድርሻ ወደ ስልክ ድርሻ ተሻግሮ ነው።

የኮንሶሎች ታሪክ ይህን ክፍፍል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 የብሉቱዝ ማዳመጫ ይቀበል ነበር፤ ግን ለንግግር ብቻ። ጓደኛህን ትሰማዋለህ፣ የጨዋታው ድምፅ ቴሌቪዥኑ ላይ ይቀራል። ኒንቴንዶ ስዊች በተቃራኒው ነው። በ2017 ሲወጣ የብሉቱዝ ድምፅ አልነበረውም፤ በመስከረም 2021 እንደ ፈረንጆቹ በሶፍትዌር ማሻሻያ ተጨመረለት። ይህ ግን የሙዚቃው ድርሻ ብቻ ነው፦ ጨዋታውን ትሰማለህ፣ የማዳመጫው ማይክ ግን ለኮንሶሉ የለም። አንዱ ኮንሶል አንዱን ግማሽ፣ ሌላው ሌላውን ግማሽ ወሰደ። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ እንዲሁም የዛሬዎቹ ኤክስቦክሶች፣ ተራውን የብሉቱዝ ስቴሪዮ ማዳመጫ በቀጥታ አይቀበሉም። ሰውን የሚያምታታው የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ራሱ በብሉቱዝ መገናኘቱ ነው። ኮንሶሉ ብሉቱዝ አለው፣ እውነት ነው፤ የጎደለው የድምፁ ድርሻ ነው።

መዘግየትም አለ። በሙዚቃው ድርሻ ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ መፍጀቱ የተለመደ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ላይ አንድ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል፤ 200 ሚሊሰከንድ ማለት እግሩ ኳሷን ከመታ 12 ምስል በኋላ ምቱን መስማት ማለት ነው። ፊልም ላይ ማጫወቻው ምስሉን ጠብቆ ያስተካክለዋል፤ ጌም ግን ጣትህን እየጠበቀ ስለሆነ ምስሉን ማዘግየት አይችልም። ለአንድ ማዳመጫ ብቻ የተሠራች ተሰኪ ሬዲዮ ይህን መዘግየት ብዙውን ጊዜ እንዳይታወቅ አድርጋ ታሳጥረዋለች።

አሁን ወደ ጠፋው ድምፅ እንምጣ። ፕሌይስቴሽን 4 ያለውን አንድ ልጅ እናስብ። ጥሩ የብሉቱዝ ማዳመጫ አለው፤ ኮንሶሉ ስላልተቀበለለት በዩኤስቢ የምትሰካ የብሉቱዝ አስተላላፊ ገዛ። ይህችም ተሰኪ ሬዲዮ ናት፤ ለኮንሶሉ የድምፅ ካርድ ሆና ትታያለች፣ በሌላ ጎኗ ግን የምትናገረው ብሉቱዝ ነው። የምትጠቀመው የሙዚቃውን ድርሻ ስለሆነ የማዳመጫው ማይክ ሞቷል። ይህን የሚያውቁ ሠሪዎች ታዲያ ጆይስቲኩ ላይ የምትሰካ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ማይክ አብረው ያስቀምጣሉ። ልጁ አስተላላፊዋን ሰካ፣ ድምፅ መጣ። ማይኳን ጆይስቲኩ ላይ ሰካ፣ ድምፅ ጠፋ! ጨዋታው ከቴሌቪዥኑ ይሰማል፤ ጓደኞቹ እሱን ይሰሙታል፤ የእነሱ ድምፅ ግን የትም የለም።

ምን ሆነ? ጆይስቲኩ ላይ አንድ ነገር ሲሰካ ኮንሶሉ «ማዳመጫ ተገናኘ» ብሎ መውጫውን ወደዚያ ያዞረዋል። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ለማዳመጫ የሚልከውን ድምፅ በሁለት መንገድ ማድረግ ይችላል፦ ሁሉንም፣ ወይም የቻቱን ብቻ። እዚህ የተመረጠው የቻቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ የጨዋታው ድምፅ ቴሌቪዥኑ ጋ ቀረ፤ የጓደኞቹ ድምፅ ጆይስቲኩ ላይ ወዳለችው ቀዳዳ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ ማይክ እንጂ ስፒከር የለም። ድምፁ አልጠፋም፣ ሰሚ የሌለበት ክፍል ገብቶ ነው።

መፍትሔው `Settings`፣ ከዚያ `Devices`፣ ከዚያ `Audio Devices` ውስጥ ነው። `Input Device` የሚለው ጆይስቲኩ ላይ ባለው ማዳመጫ ይቆያል፤ ማይኳ እዚያ ናትና። `Output Device` የሚለው ወደ ዩኤስቢው ይመለሳል። `Output to Headphones` ደግሞ ከ`Chat Audio` ወደ `All Audio` ይቀየራል። ሦስቱም ሲስተካከሉ ልጁ ጨዋታውንም ጓደኞቹንም በአንድ ማዳመጫ ይሰማል። ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ መጀመሪያ ማይኳን መሰካት፣ ቅንብሩን መንካት ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ከሆነ ማይኳ ስትገባ ኮንሶሉ መውጫውን እንደገና ሊያዞረው ይችላል።

ይህን ልጅ የገጠመው ችግር በሌላ ኮንሶል የገጠመው ሰውም ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ቢለይ ጊዜ ያተርፋል። ማዳመጫው የጨዋታውን ድምፅ ያመጣል? ጓደኛውስ እሱን ይሰማዋል? ጨዋታው በማዳመጫው እየተሰማ የጓደኛው ድምፅ ብቻ ከጠፋ ሬዲዮዋ ደህና ናት፤ መፈተሽ ያለበት ድምፁ የተላከበት ቦታና ሚዛኑ ነው። ብዙ የጌም ማዳመጫዎች ጎናቸው ላይ በጨዋታና በንግግር መካከል የምታመዛዝን ትንሽ መዘውር አላቸው፤ ቦርሳ ውስጥ ተሽከርክራ ወደ ጨዋታው ዳር ከደረሰች ንግግሩ ጭራሽ ይዘጋል። ኤክስቦክስ ላይ ደግሞ ያው ሚዛን በቅንብሩ ውስጥ `Headset chat mixer` ተብሎ አለ፤ አጠገቡ ያለው `Party chat output` የጓደኞች ድምፅ ወደ ማዳመጫው ወይም ወደ ቴሌቪዥኑ እንደሚሄድ ይወስናል። ሁለቱም ድምፆች ደህና ሆነው ጓደኛው ብቻ እሱን የማይሰማው ከሆነ ግን ጥርጣሬው ማይኩና የብሉቱዙ ድርሻ ላይ ይወድቃል።

ኤክስቦክስ ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። ፕሌይስቴሽን አብዛኛውን ተራ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ይቀበላል፤ ኤክስቦክስ ግን ፈቃድ የተሰጠውን ብቻ ነው። ለፕሌይስቴሽን የተሠራች ተሰኪ ሬዲዮ ኤክስቦክስ ላይ ብትሰካ መብራቷ ይበራል፣ ማዳመጫው «ተገናኝቻለሁ» ይላል፣ ድምፅ ግን አይመጣም። እዚህ ላይ ሁለት ግንኙነቶች እንዳሉ በግልጽ ይታያል። በተሰኪዋና በማዳመጫው መካከል ያለው ተሳክቷል፤ መብራቱ የሚመሰክረው እሱን ብቻ ነው። በተሰኪዋና በኮንሶሉ መካከል ያለው አልተሳካም፤ ስለ እሱ መብራቱ ምንም አይናገርም። አንዳንድ ተሰኪዎች ጎናቸው ላይ ከአንዱ ኮንሶል ወደ ሌላው የምታሻግር ትንሽ ቁልፍ አላቸው። እሷ ካለች በመጀመሪያ እሷን ማየት፣ ቦታዋን ከቀየሩ በኋላም ተሰኪዋን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው።

ያገለገለ የጌም ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ከማዳመጫው በፊት ተሰኪዋን ይጠይቅ። ተሰኪዋ ከማዳመጫው ጋር የተጣመረችና የራሳቸውን ቋንቋ የምትናገር ስለሆነች ከሌላ ኩባንያ የተገዛች ሌላ ተሰኪ አትተካትም። እሷ የጠፋችበት ማዳመጫ ገመድ የሚሰካበት 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለው በገመድ ጆይስቲኩ ላይ ይሠራል፤ ገመዱ ማይክም የሚያሳልፍ ባለ አራት ክፍል ጫፍ ከሆነ ንግግሩም አብሮ ይመጣል። ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለ ማይክ ያሳልፋል፤ ሁለት ብቻ ከሆነ መስማት እንጂ መናገር የለም።