የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የት እንደተነሣ ከዕፅዋት መለየት፦ የወላይታ ዞን እንደ ማሳያ

ዜጎች ከመሬት፣ ከተፈጥሮ ሀብትና ከአደጋ ጊዜ ድጋፍ ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ለመንግሥት ተቋማት ሲያቀርቡ ፎቶግራፍ ማያያዝ የተለመደ ሆኗል። ምስሉ የተነሣበት ቦታ ካልተገለጸ፣ ወይም የተገለጸው አጠራጣሪ ከሆነ፣ ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሙያ ቀድሞ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ በምስሉ ላይ የሚታየው ዕፅዋት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን እንደደረሰው ዓይነት የመሬት መንሸራተት አደጋ ሲያጋጥም፣ በምስል የታየው ተዳፋት የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የነፍስ አድን ሥራው አካል ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የወላይታ ዞንን መነሻ በማድረግ ዕፅዋት ስለ ቦታ ምን እንደሚናገሩና ምን ሊናገሩ እንደማይችሉ ያብራራል።

ወላይታ ለዚህ ተስማሚ ማሳያ የሆነው በአጭር ርቀት ውስጥ የከፍታ ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ነው። ከሶዶ ከተማ በስተሰሜን የሚታየው የዳሞታ ተራራ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ሲኖረው፣ በደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የአባያ ሐይቅ ዳርቻ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከዚህ የምንረዳው መሠረታዊ ነገር ዕፅዋት በቅድሚያ የሚነግሩን የቦታውን ስም ሳይሆን ከፍታውንና የዝናቡን መጠን መሆኑን ነው። ስሙን ለማግኘት ሌላ ምልክት ያስፈልጋል።

በወላይታ ወይና ደጋና ደጋ ጎልቶ የሚታየው ተክል በወላይትኛ ኡታ የሚባለው እንሰት ነው። እንሰት በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ቢበቅልም፣ ለምግብነት በጓሮ በስፋት የሚለማው በኢትዮጵያ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ በመሆኑ፣ ምስሉ ከየትኛው የዓለም ክፍል እንደሆነ ለመወሰን ከእርሱ የተሻለ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ብዙዎች ከሙዝ ጋር ያምታቱታል። የእንሰት ግንድ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ የሚቀጥን ሲሆን ቅጠሎቹ ሰፋፊና ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፤ በዙሪያውም በራሱ የሚበቅል ቡቃያ አይታይም። ሙዝ ግን ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ሆኖ በቡቃያዎቹ ተከብቦ በቁጥቋጦ መልክ ይቆማል፤ ቅጠሉም ወደ ጎን ይዘነበላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሰፊ የሙዝ ማሳ ወደ ቆላው፣ ለምሳሌ ወደ አርባ ምንጭ አካባቢ ሲያመለክት፣ የእንሰት ጓሮ ወደ ከፍታው ይመራል።

እንሰት ብቻውን ግን ወላይታን ከጉራጌ፣ ከሲዳማ ወይም ከጌዴኦ አይለይም። እዚህ ላይ የአተካከሉን ሁኔታና የቤቱን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። በጌዴኦ እንሰቱና ቡናው በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው ስለሚለሙ ምስሉ ደን ይመስላል። በጉራጌ መንደሮች ቤቶቹ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። በወላይታ ደግሞ እንሰቱ ወደ መኖሪያው ቀርቦ ከዚያ ወዲያ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጤፍ የሚዘራበት ገላጣ ማሳ መታየቱ የተለመደ ነው።

በክረምት የተነሣ እንዲህ ያለ ምስል ከሩቅ ሲታይ «የዝናብ ደን» ተብሎ ሲገለጽ ይስተዋላል። በአገራችን በዚህ ስም ሊጠራ የሚችለው ጥቅጥቅ ደን በዋናነት የሚገኘው በካፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር አካባቢ ነው። በዚያ የዛፎቹ ቁመት የተለያየና የተደራረበ ነው፤ በግንዶቹ ላይ ሐረግና ሽበት ይታያል። በመካከሉ የቤት ክዳን ብቅ ብቅ ካለ፣ ወይም ዳርቻው በቀጥታ መስመር በተተከለ ባሕር ዛፍ ከታጠረ፣ የምናየው ደን ሳይሆን ጓሮ ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከውጭ ገብቶ በመላው ደጋና ወይና ደጋ የተስፋፋ ስለሆነ ቦታ ለመለየት አይረዳም።

ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ ጃንጥላ የመሰለ አናት ያላቸው ግራሮች በሣር መካከል ተራርቀው ይታያሉ፤ ይህ የሳቫና ገጽታ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ይህንኑ ሥፍራ «ስቴፕ» ብለው የሚሰይሙ አሉ። ስቴፕ እንደ መካከለኛው እስያ ባሉ ብርዳማ ክረምት ባለባቸው አገሮች የሚገኝ ዛፍ አልባ የሣር ምድር ነው። በወላይታ ዛፍ የሌለበት ቢጫ ሜዳ በፎቶግራፍ ከታየ በአብዛኛው የታጨደ ማሳ ነውና፣ ምስሉን አጉልቶ ገለባና የትልም መስመር መኖሩን ማየት ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «ሁምቦ» የሚል መግለጫ ያለው ምስል ቀረበ እንበል። ከፊት ለፊት ግራርና ሽፈራው፣ ከበስተኋላ ሰፊ ውኃ ይታያል። ግራሩና ሽፈራው ቆላ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ነገር ግን ግራርና ሐይቅ በዝዋይም በሻላም አሉ። ሽፈራው በስፋት የሚለማው በደቡቡ ክፍል በመሆኑ ግምቱ ወደ አባያና ጫሞ ይጠጋል። ቀጥሎ የውኃው ቀለም ይታያል፤ አባያ በደለል ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ጫሞ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ቡናማ ከሆነ አባያ ነው ማለት ይቻላል። ይህም ሆኖ ምስሉ የተነሣው ከወላይታ ዳርቻ ይሁን ከአርባ ምንጭ በኩል የሚወሰነው በዕፅዋቱ ሳይሆን፣ በጥላው አቅጣጫና ከሐይቁ ማዶ በሚታዩት ተራሮች ቅርጽ ነው።

ሁምቦ ሌላም ጥንቃቄ ያስተምራል። በዚያ ተራቁተው የነበሩ ተራሮች ላይ 2,728 ሔክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከማገዶ ቆረጣ ተከልሎ፣ ከአሮጌ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች እየተመረጡ እንዲያድጉ ተደርጓል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዝግቧል። በመሆኑም የአንድ ተራራ የቀድሞ ምስል ቀይ አፈርና ድንጋይ፣ የአሁኑ ደግሞ አረንጓዴ ሽፋን ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው «ቦታው የተለያየ ነው» ብሎ ቢወስን ይሳሳታል። ዕፅዋት ሲለወጥ የማይለወጠው የተራራው የላይኛው መስመር ስለሆነ ንጽጽሩ በእርሱ ላይ መመሥረት አለበት። ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንዶች መውጣታቸውም ደኑ ከጉቶ ያገገመ መሆኑን ይጠቁማል።

የወረዳ ስም ብቻ መጻፍም አይበቃም። ሁምቦ ራሱ ከሐይቅ ዳር ቆላ እስከ ተራራማ ሥፍራ ስለሚዘልቅ፣ በሁምቦ ስም የቀረበ ምስል እንሰት ቢታይበት ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ቀበሌው ሲታወቅ ብቻ ይጣራል። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያቀርብ ባለጉዳይ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ ቢጽፍ፣ ከቅርብ ምስሉ በተጨማሪ አድማሱን የሚያሳይ አንድ ሰፊ ምስል ቢያነሣ ይመከራል። በቴሌግራምና በመሰል መተግበሪያዎች እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ስልኩ የመዘገበውን የቦታ መረጃ ስለሚያጣ፣ ዋናው ፋይል ሳይሰረዝ በስልኩ ላይ መቆየት አለበት።