አረጋውያን ወላጆች የመተግበሪያ ክፍያቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ራሳቸው የሚቆጣጠሩበት መንገድ

በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ በርካታ መተግበሪያዎች በየወሩ ወይም በየዓመቱ የደንበኝነት ክፍያ ይጠይቃሉ። መተግበሪያውን ከስልኩ ማጥፋት ግን ክፍያውን አያቆምም። ደንበኝነቱ የተመዘገበው በባለቤቱ የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ላይ በመሆኑ፣ እስኪሰረዝ ድረስ ገንዘቡ ከባንክ ካርዱ መቀነሱን ይቀጥላል።

ለአብነት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የ72 ዓመት እናት የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ መተግበሪያ ለ7 ቀናት በነጻ ለመሞከር ተመዘገቡ እንበል። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ በየወሩ 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም መከፈል ይጀምራል። እናት ትምህርቱን ሲተዉ መተግበሪያውን ቢያጠፉትም ደንበኝነቱን ካልሰረዙ በ6 ወራት 59 ዶላር ከ94 ሳንቲም ይወጣባቸዋል።

ደንበኝነቱን መሰረዝ

ልጅ ወይም ዘመድ ሊረዳ ሲቀመጥ ስልኩ ከእናት እጅ ባይወጣ ይመረጣል። ረዳቱ እየነገረ እርሳቸው ሲነኩት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ብቻቸውን ሊሠሩት ይችላሉ።

በአንድሮይድ ስልክ በቅድሚያ "Play Store" ይከፈታል። ቀጥሎ ከላይ በስተቀኝ ያለው ክብ ምስል ይነካና "Payments & subscriptions"፣ ከዚያም "Subscriptions" ይመረጣል። በዚህ ዝርዝር ከስልኩ የጠፋው መተግበሪያ ጭምር ይታያል። ስሙ ተነክቶ "Cancel subscription" ሲመረጥ ስልኩ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እስከ መጨረሻው ማረጋገጫ ካልተደረሰ ስረዛው አልተፈጸመም ማለት ነው።

ስረዛው መፈጸሙ የሚታወቀው በዝርዝሩ ላይ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ሲታይ ነው። ቀደም ሲል የተከፈለው ገንዘብ በስረዛው ምክንያት አይመለስም፤ አገልግሎቱ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ይቆያል።

መተግበሪያው በዝርዝሩ ላይ ካልተገኘ ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ስልኩ ላይ ከአንድ በላይ የጉግል አካውንት መኖሩ ሲሆን፣ በክቡ ምስል በኩል ሌላውን አካውንት መርጦ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምዝገባው በድርጅቱ ድረ ገጽ በቀጥታ የተፈጸመ መሆኑ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚሰረዘውም እዚያው ነው። የባንክ ሒሳብ መግለጫው ላይ ከክፍያው ጎን "GOOGLE" የሚል ቃል ካለ ክፍያው ያለፈው በጉግል በኩል መሆኑን ያመለክታል።

በአይፎን ስልክ ደግሞ "Settings" ተከፍቶ የባለቤቱ ስም ከተነካ በኋላ "Subscriptions" ይመረጣል።

የይለፍ ቃሉን መጠበቅ

ደንበኝነቱም የባንክ ካርዱም በአንድ አካውንት ውስጥ ስለሚገኙ፣ በጥብቅ ሊጠበቅ የሚገባው የዚህ አካውንት የይለፍ ቃል ነው። የልጆች ስም፣ የትውልድ ዘመንና የስልክ ቁጥር በቀላሉ ይገመታሉ። በአንጻሩ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተያይዘው ቢጻፉ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ደግሞ አስቸጋሪ ይሆናሉ። አጻጻፉ የሚከተለውን ይመስላል፤ ይህንኑ ምሳሌ ግን መጠቀም አይገባም።

```
mesob-zinab-qulf-dimet
```

ቃላቱን እናት ራሳቸው ቢመርጡና ሌላ ቦታ ባይጠቀሙባቸው ይመረጣል። በየጊዜው መቀየርም ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የይለፍ ቃል መቀየር ያለበት በሌላ ሰው እጅ መግባቱን የሚጠቁም ነገር ሲኖር መሆኑን አመልክቷል።

የይለፍ ቃሉን በደብተር ጽፎ ቤት ውስጥ በተቆለፈ ስፍራ ማስቀመጥ ይቻላል። በቦርሳ ይዞ መዞር፣ ከስልኩ ሽፋን ሥር መክተት ወይም ፎቶ አንስቶ መላክ ግን አደገኛ ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲከፈት ጉግል 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮችን ይሰጣል። እያንዳንዱ 8 አኃዝ ያለውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ስልኩ ቢጠፋ ወደ አካውንቱ ለመመለስ ያስችላል። እነዚህም ከደብተሩ ጋር ይቀመጣሉ።

ልጅ የእናቱን የይለፍ ቃል መያዝ አያስፈልገውም። እናት ከፈቀዱ የልጁን የኢሜይል አድራሻ ለአካውንት ማስመለሻ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህ አድራሻ ግን የይለፍ ቃሉን ለመቀየርም ሊያገለግል ስለሚችል፣ የማን አድራሻ እንደሚመዘገብ መወሰን ያለባቸው እናት ናቸው።

በጽሑፍ መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። ከባንክ ወይም ከጉግል ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ስልኩን ዘግቶ በባንክ ካርዱ ጀርባ ላይ በሚገኘው ቁጥር ወደ ባንኩ መደወል ያስፈልጋል።