ከሌሊት ፋይል እስከ ዌብሁክ፦ የኢአርፒ ትስስር ታሪካዊ ቅኝት

ሸቀጡን በመጋዘን፣ ገንዘቡን በክፍያ ጌትዌይ፣ ደንበኛውን በኢንተርኔት ሱቅ የሚያስተናግድ ነጋዴ ሳያውቀው ሦስት መዝገብ ይይዛል። ኢአርፒ የሚባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሦስቱም ዋና መዝገብ እንዲሆን የታሰበ ነው። ዋናው መዝገብ ግን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ማን ይንገረው? መቼ? በምን መንገድ? ያለፉት ስድሳ ዓመታት ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጧቸው መልሶች ደጋግመው ተለዋውጠዋል። (ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ፋብሪካ ነው። የአይቢኤሙ ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1960ዎቹ ያዳበረው ስሌት፣ አንድ ምርት ለመሥራት የትኛው ዕቃ በምን ያህል መጠን መቼ እንደሚያስፈልግ ኮምፒዩተር አስልቶ እንዲያወጣ አስቻለ። በ1972 አምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች በጀርመን ኤስኤፒን መሠረቱ። ሒሳብ፣ ግዥና ክምችት በአንድ ቋት መኖር ጀመሩ፤ በ1990 ደግሞ ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ኢአርፒ የሚለውን መጠሪያ ሰጠው። በዚህ ዘመን መዋሐዱ የተፈጸመው ግን በግድግዳው ውስጥ ብቻ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ወሬ በወረቀት ይመጣል፤ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ይተይበዋል።

ግድግዳውን የነደሉት ሁለት ፈጠራዎች ከሌላ አቅጣጫ መጡ። አንደኛው ባርኮድ ነው፤ ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ እሽግ የሪግሊ ማስቲካ በስካነር ተነበበ። ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክስ ሰነድ ልውውጥ ነው። በ1979 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኤክስ12 የተሰኘውን ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1987 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኤዲፋክት ጸደቀ። ትልልቅ ድርጅቶች የግዥ ትዕዛዝና ደረሰኝ በፋይል ጠቅልለው ይላላኩ ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ በአንድ ጥቅል። ሱቁ ማታ የሚዘጋ እስከሆነ ድረስ ይህ በቂ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ የጅምላ ንግድ ውስጥ በቂ ነው።

የማይዘጋው ሱቅ ሲመጣ ግን የሌሊቱ ፋይል ዘገየ። በነሐሴ 1994 ኔትማርኬት በተባለ የኢንተርኔት ሱቅ አንድ ሲዲ በተመሠጠረ የካርድ ክፍያ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ጠዋት የተሸጠው የመጨረሻ ዕቃ ለኢአርፒው እስከ ሌሊት ካልተነገረው ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። መልሱ ኤፒአይ ሆነ፤ አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን በተወሰነ አድራሻና በተወሰነ አጻጻፍ የሚጠይቅበት በር ማለት ነው። ሮይ ፊልዲንግ ሬስት የተባለውን አሠራር በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው በ2000 ነው፤ ሴልስፎርስና ኢቤይም በዚያው ዓመት ኤፒአያቸውን ከፈቱ። በ2005 ታይኒ ኢአርፒ በሚል ስም ከቤልጂየም የተነሣው የዛሬው ኦዱ፣ ኢአርፒን ወደ መካከለኛና አነስተኛ ነጋዴ አቀረበው።

ቀጣዩ መታጠፊያ የጠያቂው ቦታ መለወጥ ነው። ቀደም ሲል ኢአርፒው በየአምስት ደቂቃው «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በ2007 ጄፍ ሊንሴይ ዌብሁክ ብሎ የሰየመው አሠራር ይህን ገለበጠው፤ ነገሩ በተፈጸመበት ቅጽበት ባለጉዳዩ ራሱ መልእክት ይልካል። የክፍያ ጌትዌዮች ዛሬ የሚሠሩት በዋናነት በዚህ ነው። በአገራችንም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ እንደ ቻፓ ያሉ ጌትዌዮች ከተነሡ ወዲህ የኢንተርኔት ሱቅን ከብር ክፍያ ጋር ማያያዝ ተራ የፕሮግራመር ሥራ ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ አዲስ ዓይነት ስሕተት ይዞ መጥቷልና። የታሸገ ቡና የሚሸጥ ነጋዴ እናስብ፤ በክምችቱ 12 እሽግ አለ፣ የአንዱ ዋጋ 850 ብር ነው። አንድ ደንበኛ ሁለት እሽግ አዝዞ 1,700 ብር ይከፍላል፤ የትዕዛዙ መለያ ORD-1042 ነው። ጌትዌዩ ዌብሁክ ይልካል። ኢአርፒው ክፍያውን ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ያዘጋጃል፣ ዕቃውን ያስይዛል፤ ይህን ሁሉ ሳይጨርስ ግን «ደርሶኛል» አይልም። ጌትዌዩ ጠብቆ ጠብቆ መልእክቱ የጠፋ ይመስለውና ደግሞ ይልካል። ኢአርፒው ሁለተኛውንም እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። አሁን ሒሳቡ 3,400 ብር ይላል፤ ሱቁ ደግሞ 10 እሽግ ማሳየት ሲገባው 8 ያሳያል። ማንም አልሰረቀም፣ ምንም አልተበላሸም። መልእክትን ደግሞ መላክ የጌትዌዮች የታወቀ ልማድ ነው፤ ለምሳሌ ስትራይፕ ምላሽ ካላገኘ እስከ ሦስት ቀን ድረስ እየደጋገመ ይሞክራል።

መድኃኒቱ ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ ተቀባዩ መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ ወዲያው «ደርሶኛል» ይበል፤ ሥራውን ቀጥሎ ይሥራ። ከዚያ የክፍያው መለያ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ፕሮግራሙ «ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ?» ብሎ መፈተሹ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ቅጂዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም «አላየሁም» የሚል መልስ ያገኛሉ። በመጨረሻም ዌብሁኩን የላከው ማን እንደሆነ በፊርማው ይጣራና ክፍያው መፈጸሙ ጌትዌዩን መልሶ በመጠየቅ ይረጋገጥ፤ በቻፓ ጥያቄው ይህን ይመስላል፦

```
GET https://api.chapa.co/v1/transaction/verify/ORD-1042
Authorization: Bearer <SECRET_KEY>
```

የተመለሰው የገንዘብ መጠንም ከትዕዛዙ ጋር መመሳከር አለበት። ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ «ተከፍሏል» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው ዕቃ ይለቃሉ።

የመጋዘኑ ስካነር ታሪክ ከክፍያው ይልቅ ዝምተኛ ነው። ተራው ስካነር ለኮምፒዩተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ቁጥሩን ተይቦ አስገባ ይጫናል። ዛሬ በእጅ የሚያዘው ግን አንድሮይድ የተጫነበት ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን ኢአርፒውን በኤፒአይ ያነጋግራል። ዋይፋዩ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ሲጠፋ ንባቡን ያጠራቅምና ሲመለስ ይልካል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ የራሱ መለያ ከሌለው የክፍያው ስሕተት እዚህም ይደገማል። የቁጥሩ ነገርም አለ። የአሜሪካው ባርኮድ 12 አኃዝ፣ የአውሮፓው 13 አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያው በፊቱ ዜሮ ሲጨመርለት ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። የዕቃው ዝርዝር በኤክሴል አልፎ ከሆነ ያ ዜሮ ይረግፋል፤ ስካነሩም «የማይታወቅ ዕቃ» ይላል። ችግሩ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሠንጠረዡ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ አንድ የድሮ ሥራ ይቀራል፤ ሒሳብ ማስታረቅ። ጌትዌዩ ኮሚሽኑን ቀንሶ ነው የሚያስገባው። ኮሚሽኑ 2.5 በመቶ ነው ብንል፣ ከ1,700 ብሩ ባንክ የሚደርሰው 1,657.50 ብር ነው። ክፍያው በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብ ከተመዘገበ የ42.50 ብር ልዩነት በየትዕዛዙ ይከማቻል። ልምድ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ገንዘቡን መጀመሪያ በመሸጋገሪያ ሒሳብ ያስገባል፤ ባንክ ሲደርስም የተጣራውን ወደ ባንክ፣ ኮሚሽኑን ወደ ወጪ ያዞራል። ያልተዘጋ ቀሪ በመሸጋገሪያው ላይ ከታየ፣ የተደገመ ወይም የጠፋ መልእክት እንዳለ ወይም ጌትዌዩ ገና ያላስገባው ገንዘብ እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

እንዲህ ያለ ትስስር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንድ ዌብሁክ ሁለት ጊዜ ተልኮ አንድ ደረሰኝ ብቻ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ በየማለዳው የጌትዌዩን፣ የኢአርፒውንና የመጋዘኑን ድምር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት እንዲዘጋጅላችሁም በውሉ አስገቡ።