የተተረጎመ ርዕስ

በዩቲዩብ ለአንድ ቪዲዮ፣ ከዋናው ርዕስና መግለጫ በተጨማሪ በሌላ ቋንቋ የሚጻፍለት ርዕስና መግለጫ ነው። ቪዲዮው ያው አንድ ነው፤ ዕይታውም አይከፋፈልም። «ኦፓል በመዘዞ እንዴት ይወጣል?» ለሚል ቪዲዮ ጀርመንኛ ቢጨመርለት፣ ዩቲዩብን በጀርመንኛ የሚጠቀም ሰው በቋንቋው ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል፤ በአማርኛ የሚጠቀመው ደግሞ የአማርኛውን ርዕስ ያያል። የሚጨመረው በ Studio ውስጥ ሲሆን፣ አስቀድሞ የቪዲዮው ቋንቋ አማርኛ ተብሎ መመረጥ አለበት።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በቦታ ስም ላይ ነው። የውጭ ገዢዎች ይበልጥ የለመዱት የወሎን ኦፓል ስለሆነ፣ ተርጓሚው Welo ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ይህ ተመልካችን ማሳሳት ነው። በሸዋ የሚገኘው የመዘዞ ኦፓል ለገበያ የቀረበው ቀድሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ ሲደርቅም የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ስለዚህ በየቋንቋው Mezezo ተብሎ ይጻፍ።

ርዕስ መተርጎም ድምፁንም ሆነ በሽፋን ምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይለውጥም። ጀርመንኛ ርዕስ አይቶ የገባ ሰው አማርኛ ብቻ ከሰማ ወዲያው ይወጣል። የግርጌ ጽሑፉን በዚያው ቋንቋ ሳታዘጋጁ ርዕሱን አትተርጉሙ።