«ጤና ለእጅሽ»

ለፋሲካ ወደ ግምጃ ቤት ወርጄ ሳለሁ፣ አንድ ምሽት ከእናቴ ጋር የቱርክ ድራማ እናይ ነበር። በፍላሽ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ማን እንደ ተረጎመው የማይታወቅ ሥራ ነው። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ቀና አለና ምግቡን ያቀረበችለትን ሴት «ጤና ለእጅሽ» አላት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምነው፣ እጇን አሟት ነበር እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። እናቴ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛው የጎደለውን ለመስማት ግን አፍታም አልፈጀባትም።

ቱርኮች ጥሩ ያበሰለን ሰው «ኤሊኔ ሳሊክ» ይሉታል። ቃል በቃል ሲፈታ እውነትም «ለእጅህ ጤና» ነው። እኛ ደግሞ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» የሚል የራሳችን ምርቃት አለን። ታዲያ ተርጓሚው ይህን እያወቀ ስለ ምን ተወው?

ለሌላ ድምፅ የሚጻፍ ትርጉም ከመጽሐፍ ትርጉም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን ችግሩ ባለሀብቶቹን ሳይቀር ግራ አጋብቷል። እ.ኤ.አ. በ1930 ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ፓሪስ አጠገብ ዡዋንቪል በተባለ ስፍራ፣ አንዱኑ ፊልም በልዩ ልዩ ቋንቋ፣ በልዩ ልዩ ተዋንያን ደጋግሞ ይቀርጽ ነበር። ወጪው አላዋጣም። ያንኑ ሥዕል ይዞ ድምፁን ብቻ መለወጥ አሸነፈ፤ ከንፈሩ ግን የባዕድ እንደ ሆነ ቀረ።

በአገራችን ለብዙ ዘመን የውጭ ፊልም የታየው በሁኔታ እየተገመተ ነው። ቀጥሎ «ትርጉም ፊልም» የምንለው መጣ፤ አንድ ሰው የወንዱንም የሴቷንም እየተናገረ ታሪኩን ይተርካል። ተራኪው ከከንፈር ጋር ውል ስላልነበረው እንደ ልቡ ይመርቃል፣ ይተርታል። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን ሲከፈት ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን የአማርኛ ድምፅ ሰጠው። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ተመልካቻችንንና እንጀራችንን ይወስድብናል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ስለ ገበያ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚያ ከንፈር ላይ የሚቀመጠው አማርኛ ነው።

እስቲ ያቺን አንዲት ሐረግ እንሞክራት። «ኤ-ሊ-ኔ-ሳ-ሊክ» አምስት ምት አላት። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ግን ወደ ስምንት ትደርሳለች፤ እንግዳው አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ብቻውን ይቀጥላል ማለት ነው። «እጅሽ ይባረክ» ብንልስ? ፊደሉ ሰባት ቢሆንም ምቱ አምስት ነው፤ ሳድስ ሁሉ እንደማይቆጠር ግጥም የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ልኩ ገጠመ! ሆኖም ሌላ ጣጣ አለ። «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ከንፈር ካልተዘጋ አይወጡም። ቱርኩ «ሳ» ለማለት አፉን በሚከፍትበት ቅጽበት የእኛ «ይባ» ከንፈር አጥብቆ ይዘጋል፤ «ባ» እዚህ ጠብቃ ስለምትነበብ መዘጋቱም ይቆያል። ካሜራው ከሩቅ ቢሆን ወይም የሰሚዋን ፊት ቢያሳይ ግድ አልነበረም። ፊቱ መስኮቱን ሞልቶ ሲታይ ግን ተመልካች ምክንያቱን ሳያውቅ «ይህ ነገር አይገጥምም» ይላል።

ከንፈር የማይዘጋ አምስት ምት ስፈልግ ቆይቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ ደረስሁ። ፊደሉ ዘጠኝ፣ ምቱ አምስት፤ ከአራቱ ፊደላት አንዱም የለበትም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ እንግዳው ሙስሊም ነው። ዐረቦች ይህን መሰል ነገር ሲገጥማቸው ደፍረው ወደ ራሳቸው ጎትተውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 «ጉሙሽ» የተባለውን የቱርክ ድራማ በሶርያ ዐረብኛ ሲያቀርቡት የባለታሪኮቹን ስም ሳይቀር ለውጠው «ኑር» አሉት። እኔ ያን ያህል አልሄድም። «አላህ ይስጥልኝ» ብንለው ምቱም ያው አምስት ነው፣ ከንፈሩም አይዘጋም፣ ሃይማኖቱም አይናወጥም።

ከንፈር ብቻም አይደለም ፈተናው። ቱርክኛ ለ«እሱ»ም ለ«እሷ»ም «ኦ» ይላል። መርማሪው ነፍሰ ገዳዩን ሳይገልጥ «ኦ» እያለ አሥር ክፍል መጓዝ ይችላል። የእኛ ግስ ግን «ገደለው» ወይም «ገደለችው» ካላለ አይሄድም፤ ምስጢሩ በአንዲት «ች» ይፈስሳል። «ገደሉት» ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተመልካቹ ገዳዮቹ ብዙ ናቸው ብሎ፣ አለዚያም አንቱ የሚባል ሽማግሌ ጠርጥሮ ይከርማል። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት የመጨረሻውን ማየት አለበት። በየሳምንቱ እየደረሰ ለሚተረጎም ሥራ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ስለ «አላህ ይስጥልኝ» ያገኘሁትን መፍትሔ ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ምቱን በጣቴ እየቆጠርሁ፣ የከንፈሩን ነገር እያስረዳሁ ብዙ ለፈለፍሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«እጇስ?» አለችኝ።